ርካሹ ፕሪንተር ስንት ያስወጣል?

ፕሪንተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው የማሽኖቹን ዋጋ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለችው ትንሿ ማሽን ከጎኗ ካለችው በሦስት እጥፍ ትረክሳለች። ሁለቱም ያትማሉ፣ ሁለቱም ኮፒና ስካን ያደርጋሉ። ገዢው ርካሿን ይዞ ይወጣል። የቀለሙን ዋጋ የሚጠይቀው ከጥቂት ወራት በኋላ ማሽኗ “ቀለም አልቋል” ስትለው ነው፤ ያኔ ሁለት ካርትሪጅ መግዛት የማሽኗን ግማሽ ዋጋ ሊጠይቀው ይችላል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። ኤችፒ የመጀመሪያውን ዴስክጄት እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ዛሬ የዚያው ስም ወራሽ የሆነች ትንሽ ማሽን አሜሪካ ውስጥ ከ100 ዶላር በታች ትሸጣለች፣ ያውም ስካነር ተጨምሮላት። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መርከሱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የአምራቾቹ ስሌት ነው፤ ማሽኗን ያለ በቂ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ሸጠው ገንዘባቸውን ከቀለም ይሰበስባሉ። የኤችፒ የዚያን ጊዜ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኤንሪኬ ሎሬስ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ላይ ይህንኑ በግልጽ ተናግረዋል። እያንዳንዱ የተሸጠ ፕሪንተር ኩባንያው በደንበኛው ላይ ያፈሰሰው ገንዘብ መሆኑን፣ ደንበኛው በቂ ካላተመ ወይም የሌላ ሰው ቀለም ከተጠቀመ ግን ገንዘቡ ያለ ቦታው እንደዋለ አስረድተዋል። ርካሽ ማሽን የገዛ ሰው እንግዲህ ቀሪውን ዋጋ በየገጹ እንዲከፍል ታስቦለታል።

ስንት እንደሚከፍል ለማወቅ አንዲት ማሽን ወስደን እንይ። ኤችፒ ዴስክጄት 2130 በእኛ አካባቢ ገበያ የምትጠቀመው 123 የሚል ቁጥር ያለው ካርትሪጅ ነው፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ደግሞ ሦስት ቀለሞችን በአንድ ዕቃ የያዘ። ካርትሪጁ የቀለም ዕቃ ብቻ አይደለም። ከታች ያለችው ወርቃማ ሳህን ቴክኒሺያኖች “ሄድ” የሚሉት ክፍል ናት፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችና ቀለሙን በቅጽበት አፍልተው የሚያስፈነጥሩ ጥቃቅን ማሞቂያዎች አሉባት። ስለዚህ አዲስ ካርትሪጅ ሲገዛ አዲስ ሄድም አብሮ ይገዛል። ለውድነቱ አንዱ እውነተኛ ምክንያት ይህ ነው። ሄዱ ቢደፈን ማሽኗ አትጣልም፤ ካርትሪጁን መቀየር ይበቃል። ውስጡ ያለው ቀለም ግን ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው።

ኩባንያው ለመደበኛው ጥቁር 123 የሰጠው መጠን ወደ 120 ገጽ፣ ለባለ ሦስት ቀለሙ ወደ 100 ገጽ ነው። የካርትሪጁን ዋጋ ለ120 ማካፈል የአንድ ገጽ የቀለም ወጪን ይሰጣል። ስሌቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን 120 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ የሚወጣው በዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ ነው። ለቀለም ፕሪንተር የወጣው ደረጃ ቁጥሩ 24711 ነው። አምስት የተወሰኑ ገጾች፣ ጽሑፍና ባለ ቀለም ሥዕል ተቀላቅሎባቸው፣ ካርትሪጁ እስኪያልቅ ድረስ በተከታታይ ይታተማሉ። ማሽኗ አታርፍም። ሳምንት ተዘግታ አትቆይም፤ መብራትም አይጠፋባትም። የቤት ፕሪንተር ሕይወት ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ሁለት ገጽ ያትማል፣ ከዚያ ለአሥር ቀን ይቀመጣል። እንደገና ሲበራ በቀዳዳዎቹ ላይ የደረቀውን ለማጽዳት ራሱ ቀለም ይተፋል። ያ ቀለም ወረቀት ላይ አይደርስም፤ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለ ስፖንጅ ይመጠዋል። አልፎ አልፎ ብቻ በሚያትም ሰው ቤት ይህ የሚባክነው ቀለም የተከፈለበትን ጥሩ ድርሻ ይወስዳል። ጥቁር ብቻ የሚያትም ሰውም ባለ ቀለሙ ካርትሪጅ ሳይነካ ጎድሎ የሚያገኘው በዚሁ ጽዳት ነው።

በእኛ ሀገር በዚህ ላይ የመብራት መቆራረጥ አለ። ፕሪንተር በራሱ ማጥፊያ ሲጠፋ ሄዱን ወደ ጥግ ወስዶ በጎማ ክዳን ይከድነዋል። በሥራ መሀል መብራት ሲሄድ ወይም ሰው ከሶኬቱ ሲነቅለው ሄዱ ሳይከደን ይቀራል፤ አፉም ይደርቃል። መብራት ሲመለስ ደግሞ ማሽኑ ገና ሲነሳ ያጸዳል። ስለዚህ ማታ ከሶኬት ከመንቀል በፊት በራሱ ቁልፍ ማጥፋትና የማሽኑ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ያለ ምንም ወጪ ቀለም ያተርፋል። ጽሑፉ ነጭ መስመር እየጣለ ከመጣም ወዲያው ማጽጃውን ደጋግሞ ማዘዝ አይገባም። መጀመሪያ የሄድ መፈተሻ ገጹን ማተም ነው። መስመሮቹ በየቦታው ከተቆራረጡ የደረቀ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ገጹ ሁሉ እኩል እየደበዘዘ ከሄደ ግን ቀለሙ እያለቀ ነው፤ ያኔ ማጽዳት የቀረውን መጨረስ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የምጠቀምባቸው ብሮች ለስሌት የተቀመጡ ናቸው፤ አንባቢ በጠየቀበት ቀን ዋጋ ይተካቸው። ትንሿ ማሽን 8,000 ብር፣ ጥቁር ካርትሪጅ 2,000 ብር ትሁን። በቤቷ ልጆች የምታስጠና አንዲት መምህር በወር 60 ገጽ ጥቁር ጽሑፍ ታትማለች እንበል። በሦስት ዓመት 2,160 ገጽ ይሆናል። ይህ 18 ካርትሪጅ ነው፤ 36,000 ብር። ከማሽኗ ጋር 44,000 ብር ይደርሳል። ይህም በመለኪያው ቁጥር ተቆጥሮ፣ በጽዳት የሚባክነው ሳይጨመርበት ነው። እዚያው ማሽን ላይ የሚገባውን ኤክስኤል የሚባለውን ትልቁን ጥቁር ካርትሪጅ ብትገዛ፣ እሱ ወደ 480 ገጽ ያትማል፤ በ4,500 ብር ቢሸጥ አምስት ይበቃታል፣ ጠቅላላው ወደ 30,500 ብር ይወርዳል። በእጅ ያለው ገንዘብ ለትንሹ ብቻ የሚበቃ ሰው ግን በየጊዜው ትንሹን እየገዛ ከሁሉም የበለጠ ይከፍላል። በዚህ ገበያ ላይ ከሁሉም የማይዋጥልኝ ይህ ነው።

ከጎኗ የነበረችው ውድ ማሽን ባለ ታንከር ናት እንበል፤ 25,000 ብር። ይህን ዓይነት ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ ነው የጀመረው፤ እዚያ ሰዎች ከተራ ፕሪንተር ውጭ ጠርሙስ አንጠልጥለው በቱቦ ቀለም ያስገቡ ነበርና ኩባንያው ይህንኑ አሠራር ራሱ ሠርቶ ሸጠው። ለምሳሌ ኤፕሰን ኤል 3250 ሄዱ ከማሽኑ ጋር የተሠራ ነው፤ ቀለሙ በ65 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይገዛል። አንድ ጥቁር ጠርሙስ እስከ 4,500 ገጽ እንደሚያትም ኩባንያው ይገልጻል። አንድ ጠርሙስ 1,500 ብር ቢሆን የገጹ ቀለም ከ35 ሳንቲም በታች ይሆናል፤ በትንሿ ማሽን ግን ወደ 17 ብር ነበር። ከሳጥኑ ጋር ከሚመጣው ቀለም የተወሰነው ቱቦዎቹን መሙያ ቢሆንም፣ የቀረው ለመምህሯ 2,160 ገጽ ሊበቃት ይችላል። ወጪዋ በ25,000 ብር ያበቃል።

ሁለቱ ማሽኖች ዋጋቸው የሚገናኘው 1,000 ገጽ አካባቢ ላይ ነው። የ17,000 ብር ልዩነት በየገጹ 17 ብር ገደማ እየተከፈለ እስኪያልቅ ማለት ነው። በሦስት ዓመት ሲካፈል በወር 28 ገጽ ይሆናል። በወር አሥር ገጽ ብቻ ለሚያትም ሰው እንግዲህ ታንከሩ አያዋጣም። ለእሱ ትንሿም ላታዋጣው ትችላለች። በፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ገጽ በ5 ብር ቢታተምለት የሦስት ዓመቱ 360 ገጽ 1,800 ብር ነው፤ ከአንድ ካርትሪጅ ያነሰ። መምህሯም ብትሆን በዚያ ዋጋ 10,800 ብር ይበቃት ነበር። ቤቷ ማሽን ማስገባቷ የሚያዋጣት ሌሊት ፈተና የምታዘጋጅ ወይም ኮፒ ቤቱ የሚርቃት ከሆነ ነው።

ታንከርም የራሱ ችግር አለው። ሄዱ ቋሚ ስለሆነ ለወራት ሳይሠራ ቆይቶ ከተደፈነ ጥገናው ውድ ነው። የተተፋውን ቀለም የሚመጠውን ስፖንጅም ማሽኑ በራሱ ቆጣሪ ይከታተለዋል፤ ቆጣሪው ሲሞላ ማተም ያቆማል። የተበላሸ የሚመስለው ብዙ ማሽን ስፖንጁ ተቀይሮ ቆጣሪው ዜሮ ሲደረግለት ይነሳል። ይህን ሳያውቁ ማሽኑን የሚጥሉ አሉ።

ትንሿን ቀድሞ የገዛ ሰው መውጫ አለው፤ ካርትሪጁን ማስሞላት። በመርፌ ቀለም የሚሞሉ ባለሙያዎች በየከተማው አሉ፤ ሥራው በትክክል ከተሠራ ወጪውን በብዙ ይቀንሳል። መጠበቅ ያለበት ጊዜው ነው። የሄዱን ማሞቂያዎች የሚያቀዘቅዛቸው ራሱ ቀለሙ ስለሆነ ባዶ ካርትሪጅ እየደበዘዘ ሲያትም ሄዱ ይቃጠላል፤ መሙላት የሚገባው ጨርሶ ሳያልቅ ነው። የ123 ጥቁሩ ውስጡ ደቃቅ ዱቄት ያለበት ቀለም ሲሆን ሌሎቹ በውሃ የሟሙ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መሙላት ቀዳዳውን ሊደፍነው ወይም ጽሑፉ በውሃ እንዲለቅ ሊያደርገው ይችላል። ከሞላ በኋላ ማሽኗ የቀለሙን መጠን ማሳየት ታቆማለች። መጠኑን የምታውቀው የተፋችውን ጠብታ እየቆጠረች እንጂ ዕቃውን አይታ ስላልሆነ የተጨመረው አይታያትም። ማተሟን ግን ትቀጥላለች።

ከውጭ ፕሪንተር ለሚላክላቸው ቤተሰቦች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ያቺው ዴስክጄት 2130 አሜሪካ ስትሸጥ ካርትሪጇ 63፣ አውሮፓ ስትሸጥ 302 ነው። ቅርጻቸው ይመሳሰላል፤ ውስጣቸው ያለው መለያ ግን ይለያያል፤ ማሽኗም በመጀመሪያ ለተሸጠችበት አካባቢ ትታሰራለች። ዋሽንግተን ያለ ወንድም በርካሽ ገዝቶ የላካት ማሽን አዲስ አበባ የሚሸጠውን 123 አልቀበልም ልትል ትችላለች። አካባቢውን የማስቀየር አገልግሎት ከኩባንያው ይጠየቃል፤ ከመላኩ በፊት ግን ወንድሙ ሳጥኑ ላይ ያለውን የካርትሪጅ ቁጥር በስልክ ቢነግራቸውና እነሱ እዚህ ሱቅ ውስጥ ያ ቁጥር መኖሩን፣ ስንት ገጽ እንደሚያትምና ዋጋውን ቢጠይቁ ይሻላል።