ዳሌው ሳይወርድ እግሩ መሬት አይደርስም፦ የጌም ገጸ ባሕሪ በወጣ ገባ መሬት ላይ፣ ተረትና እውነታ

ባለ ሦስት አውታር ጌም ለመሥራት የሞከረ ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። ገጸ ባሕሪው ሜዳ ላይ ሲቆም ምንም አይወጣለትም። ደረጃ ላይ ሲቆም ግን አንድ እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አለዚያም ድንጋዩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጣል። ምክንያቱ አኒሜሽኑ የተሠራው ለጥ ላለ ወለል መሆኑ ነው። የጌሙ መሬት ደግሞ ወጣ ገባ ነው።

ለዚህ የሚውለው መፍትሔ ኢንቨርስ ኪነማቲክስ፣ ባጭሩ አይኬ ይባላል። በተለመደው አኒሜሽን እንቅስቃሴው ከላይ ወደ ታች ይተላለፋል፤ ጭኑ ይዞራል፣ ቅልጥሙ ይከተላል፣ እግሩም በመጨረሻ የደረሰበት ይደርሳል። አይኬ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። እግሩ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ እሱም ጭኑና ቅልጥሙ ምን ያህል መታጠፍ እንዳለባቸው ያሰላል።

በአሠራሩ ዙሪያ የሚነገሩ አምስት የተሳሳቱ እምነቶች ብዙ ሰው ያደክማሉ። የአብዛኞቹ ሥር አንድ ነው፦ አይኬ ሥራውን በሙሉ ይሠራል ብሎ ማሰብ። ነገሩ በቁጥር እንዲታይ አንድ ገጸ ባሕሪ እንውሰድ። ጭኑ 44 ሴንቲ ሜትር፣ ቅልጥሙ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁርጭምጭሚቱ ከውስጥ እግሩ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሜዳ ላይ ሲቆም ከዳሌ መጋጠሚያው እስከ ቁርጭምጭሚቱ 84 ሴንቲ ሜትር ነው።

ተረት 1፦ «አይኬን ካበሩት እግሩ መሬቱን ራሱ ያገኘዋል»

እውነታው፦ አይኬ መሬት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የተሰጠውን አንድ ነጥብ ነው፤ ነጥቡን የሚፈልግለት ሌላ ክፍል ነው። በየፍሬሙ ከእያንዳንዱ እግር በላይ፣ ለምሳሌ ከ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ወደ ታች ጨረር ይላካል። በዩኒቲ ሬይካስት፣ በአንሪያል ላይን ትሬስ ይባላል። ጨረሩ መሬቱን ሲነካ ሁለት መረጃ ይዞ ይመለሳል፦ የመሬቱን ከፍታና የመሬቱን ዝንባሌ። ከፍታው ለአይኬ ዒላማ ይሆናል። በዝንባሌው ደግሞ ከስሌቱ በኋላ እግሩ ከመሬቱ ጋር እንዲገጥም ይዞራል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ጨረሩ የነካውን ነጥብ እንዳለ ለአይኬ መስጠት ነው። አይኬ የሚያንቀሳቅሰው ቁርጭምጭሚቱን ስለሆነ የእኛ ገጸ ባሕሪ 8 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይገባል። ለጥ ያለ ወለል ላይ ሳይቀር እኩል ጥልቀት የሚሰምጥ ከሆነ ጥፋቱ ይህ ነው። ሁለተኛው ስህተት የሚታየው ደረጃ ላይ ነው። ገጸ ባሕሪው ሳይንገጫገጭ እንዲወጣ ብዙ ጊዜ በደረጃው ላይ የማይታይ ዘንበል ያለ ሰሌዳ ይደረባል። ጨረሩ ይህን ሰሌዳ ከመታ እግሩ በማይታየው ሰሌዳ ላይ፣ ማለትም አየር ላይ ያርፋል። ስለዚህ የእግሩ ጨረር ሰሌዳውን አልፎ የሚታየውን ደረጃ ብቻ እንዲነካ ለብቻው ሌየር ወይም ቻናል ሊሰጠው ይገባል።

ተረት 2፦ «አይኬ ከባድ ሒሳብ ስለሆነ ኮምፒውተሩን ያደክማል»

እውነታው፦ ለእግር የሚያስፈልገው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። ጭኑ፣ ቅልጥሙ፣ እንዲሁም ከዳሌ መጋጠሚያው እስከ ዒላማው ያለው ርቀት ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሦስቱም ጎኖች ስለሚታወቁ የጉልበቱ አንግል በኮሳይን ሕግ ባንድ ጊዜ ይገኛል፦

```
cosKnee = (a*a + b*b - d*d) / (2*a*b)
knee = acos(clamp(cosKnee, -1, 1))
```

እዚህ `a` ጭኑ፣ `b` ቅልጥሙ፣ `d` እስከ ዒላማው ያለው ርቀት ነው። `clamp` የምትለዋን ቃል ማስቀረት አይገባም። ዒላማው እግሩ ከሚደርስበት በላይ ሲርቅ ኮሳይኑ ከ-1 በታች ይወርዳል፤ `acos` መልስ ያጣና ውጤቱ `NaN` ይሆናል። የገጸ ባሕሪው እግር ድንገት ከስክሪኑ ከጠፋ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ መስመር ነው።

ደጋግመው እያሰሉ ወደ መልሱ የሚጠጉ ዘዴዎችም አሉ። አሪስቲዱና ላሰንቢ በ2011 ያሳተሙት ፋብሪክ ከታወቁት አንዱ ነው። እነዚህ የሚጠቅሙት እንደ ጅራትና አከርካሪ ብዙ መጋጠሚያ ላለው አካል ነው፤ ሁለት አጥንት ላለው እግር አያስፈልጉም። የሦስት ማዕዘኑ ስሌት የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦ ጉልበቱ ወደ የት ይመልከት? አንግሉ ሳይለወጥ ጉልበቱ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ሊዞር ይችላል። ይህን የሚወስነው ከጉልበቱ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ፖል የሚባል ነጥብ ነው። ነጥቡ ከገጸ ባሕሪው ጋር አብሮ ካልዞረ ገጸ ባሕሪው በዞረ ቁጥር ጉልበቱ ይጣመማል።

ተረት 3፦ «እግሩን ወደ መሬት ማውረድ ይበቃል»

እውነታው፦ መጀመሪያ መውረድ ያለበት ዳሌው ነው። ሥራው በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ገጸ ባሕሪያችን ግራ እግሩን ላይኛው ደረጃ፣ ቀኝ እግሩን ከሱ በ18 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ደረጃ ላይ አድርጎ ይቁም። ስሌቱ ቀላል እንዲሆን እግሮቹ ከዳሌው ትክክል በታች ናቸው እንበል። ጌም ኢንጂኑ ገጸ ባሕሪውን የሚያየው እንደ አንድ ድፍን ካፕሱል ስለሆነ በላይኛው ደረጃ ያቆመዋል። ግራ እግሩ ችግር የለበትም። ቀኝ እግሩ ግን 84 ሲደመር 18፣ ማለትም 102 ሴንቲ ሜትር መድረስ አለበት። ጭኑና ቅልጥሙ ቢዘረጉ 86 ሴንቲ ሜትር ናቸው። አይኬ የቱንም ያህል በትክክል ቢሠራ እግሩ ከደረጃው 16 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ጉልበቱም እንደ እንጨት ይደርቃል።

መፍትሔው አይኬ ከመጀመሩ በፊት ከሁለቱ እግሮች ዝቅ ብሎ የሚያርፈውን ፈልጎ ዳሌውን በዚያው ልክ ማውረድ ነው። እዚህ ልኩ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ዳሌው ሲወርድ ቀኝ እግሩ ወደ 84 ሴንቲ ሜትር ይመለስና ጉልበቱ ሜዳ ላይ እንደነበረው 155 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ግራ እግሩ ደግሞ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚቀረው ጉልበቱ ወደ 100 ዲግሪ ይታጠፋል። ሰው በደረጃ ላይ እንዲህ ሲቆም የላይኛው ጉልበቱ የሚታጠፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

አወራረዱ ወሰን ይፈልጋል። ከአንዱ እግር በታች 60 ሴንቲ ሜትር ገደል ቢኖርና ዳሌው በዚያው ልክ ቢወርድ፣ የላይኛው ጉልበት 32 ዲግሪ ገደማ ይሆንና ገጸ ባሕሪው ቁጢጥ ይላል። ስለዚህ ሠሪው ለምሳሌ 40 ሴንቲ ሜትር ወሰን ያበጃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ያ እግር ከአይኬ ይለቀቅና ወደ አኒሜሽኑ ይመለሳል።

ተረት 4፦ «ጉልበቱ የሚንቀጠቀጠው ማለስለሻ ስላነሰው ነው»

እውነታው፦ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጠው እግሩ ጨርሶ ስለተዘረጋ ነው። በገጸ ባሕሪያችን ስሌቱን እንየው። ርቀቱ 86 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጉልበቱ 180 ዲግሪ፣ ማለትም ቀጥ ያለ ነው። ርቀቱ ወደ 85 ሲቀንስ አንግሉ ወደ 162 ዲግሪ ተኩል ይወርዳል። በ84 ላይ 155፣ በ83 ላይ 150 ገደማ ነው። የመጀመሪያዋ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻዋን 17 ዲግሪ ተኩል ስታጥፍ የሁለተኛዋ ድርሻ ወደ 7፣ የሦስተኛዋ ወደ 6 ይወርዳል። እግሩ ተዘርግቶ ሳለ ዳሌው በትንፋሽ አኒሜሽን ጥቂት ከፍና ዝቅ ቢል እንኳ ጉልበቱ ይዘላል።

ለዚህ መድኃኒቱ ርቀቱ 86 እንዳይደርስ መከልከል ነው፤ ለምሳሌ 85 ላይ ማቆም። ድንገት እንዳይቆም ደግሞ ወደ ወሰኑ ሲጠጋ ቀስ በቀስ እንዲዘገይ ይደረጋል። በደረጃው ላይ 16 ብቻ ወርደን እግሩን ማድረስ ስንችል 18 የወረድነውም ለዚሁ ነው።

ማለስለሻ የራሱ ቦታ አለው። እግሩ የደረጃውን ጠርዝ ሲያልፍ የመሬቱ ከፍታ ባንድ ፍሬም 18 ሴንቲ ሜትር ይቀየራል፤ ዳሌው ይህን ዝላይ በዝግታ መከተል አለበት። ነገር ግን የተዘረጋ ጉልበትን በማለስለሻ ለመሸፈን መሞከር እግሩ ከመሬቱ ኋላ እንዲቀር ያደርገዋል። ውጤቱም ገጸ ባሕሪው ደረጃ ሲወጣ እግሩ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ብቅ ሲል ይታያል።

ተረት 5፦ «አይኬ ሁልጊዜ እግሩን መሬት ላይ ማስያዝ አለበት»

እውነታው፦ በእርምጃ ውስጥ አንዱ እግር ሲረግጥ ሌላው በአየር ላይ ያልፋል። በአኒሜሽኑ የሚያልፈው እግር 12 ሴንቲ ሜትር ተነሥቶ ሳለ ኮዱ በየፍሬሙ መሬት ላይ ካስቀመጠው ገጸ ባሕሪው እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። ትክክለኛው አሠራር የአኒሜሽኑን ከፍታ ትቶ የመሬቱን መውሰድ አይደለም፤ የመሬቱን ልዩነት በአኒሜሽኑ ላይ መደመር ነው። መሬቱ ከካፕሱሉ መቆሚያ በ18 ዝቅ ካለ ከእግሩ ከፍታ 18 ይቀነሳል፤ የ12 ሴንቲ ሜትሩ መነሣት ግን እንዳለ ይቆያል።

እግሩ ሲረግጥ ደግሞ ተቃራኒው ያስፈልጋል፤ ያረፈበትን ነጥብ ይዞ እስኪነሣ ድረስ አይነቃነቅም። እግር እየረገጠ መንሸራተቱን ባለሙያዎች ፉትስኬት ይሉታል፤ ኮቫር፣ ሽራይነርና ግላይከር በ2002 ይህንኑ ስለማስተካከል ጥናት አሳትመዋል። እግሩ መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ የሚናገረው በአኒሜሽኑ ውስጥ የሚሣል ከ0 እስከ 1 የሚደርስ መስመር ነው። በዩኒቲ ይህ ቁጥር ለ`SetIKPositionWeight` ይሰጣል። ገጸ ባሕሪው ሲዘል ወይም ሲወድቅ ቁጥሩ 0 ይሆናል፤ አለዚያ ወደ ሰማይ የዘለለ ሰው እግሩ ወደ መሬት እየተሳበ ይለጠጣል።

እንግዲህ እግር በትክክል ካላረፈ ወደ ሌላ የአይኬ ዘዴ ለመዝለል አትቸኩሉ፤ የሦስት ማዕዘኑ ስሌት ብዙም አይሳሳትም። ጨረሩን፣ የነካውን ነጥብና የዳሌውን አወራረድ በቀለም መስመር ስክሪኑ ላይ ሣሉ። ከዚያ ገጸ ባሕሪውን ደረጃ ላይ፣ ዘንበል ያለ መሬት ላይና ሣጥን ጠርዝ ላይ አቁሙት። ጨረሩ የሚታየውን መሬት ነክቷል? ቁርጭምጭሚቱ በልኩ ከፍ ብሏል? ዳሌው ከአይኬ በፊት ወርዷል? እግሩ ከሙሉ ዝርጋታው ጥቂት ቀርቶታል? ሲራመድስ የሚያልፈው እግር ተለቋል? አምስቱን በዚሁ ቅደም ተከተል መርምሩ፤ የፊተኛው ሳይስተካከል የኋለኛውን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።