ከሕብለ ሰረሰር እስከ እግር ጣት

ከሕብለ ሰረሰር ተነሥቶ የእግርን ጣት የሚያንቀሳቅሰው የነርቭ ሕዋስ፣ አካሉ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሲሆን፣ ክሩ ግን በረጅም ሰው ዘንድ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይዘልቃል፤ ለክሩም ጫፍ የሚያስፈልገው ፕሮቲን አብዛኛው የሚሠራው በሕዋሱ አካል ውስጥ ነውና፣ ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ የሚያደርስለት ካላገኘ ጫፉ መድረቁ አይቀርም።

መንገዱ ማይክሮቲዩብዩል የሚባል፣ ውፍረቱ የሚሊሜትር 40,000ኛ እጅ ብቻ የሆነ ቧንቧ ነው፤ ግድግዳውም ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን፣ ብዙውን ጊዜ በ13 ረድፍ፣ የታነጸ ነው። ቲም ሚቺሰንና ማርክ ኪርሽነር እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስረዱት፣ በአንድ ሥፍራ ካሉት ቧንቧዎች አንዱ ሲያድግ ጎረቤቱ ይፈርሳል። እያንዳንዱ ቱቡሊን ወደ ሕንፃው ሲገባ ጂ.ቲ.ፒ. የተባለ ኃይል ያዘለ ንጥረ ነገር ይዞ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ይህ ንጥረ ነገር ይሰበርና በቱቡሊኑ ላይ የመጉበጥ ባሕርይ ያድርበታል፤ ጎረቤቶቹ አጥብቀው ስለያዙት ብቻ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ጂ.ቲ.ፒ.ያቸው ገና ያልተሰበረባቸው አዲሶች ጫፉን እንደ ቆብ ሸፍነው እስካሉ ድረስ ግንባታው ይቀጥላል፤ አዲሶች ዘግይተው ቆቡ የጠፋ እንደሆነ ግን ታፍኖ የነበረው ጉብጠት ይፈታና፣ ረድፎቹ ወደ ውጭ እየተቀለበሱ፣ ቧንቧው ካደገበት ፍጥነት እጅግ በበለጠ ፍጥነት ይናዳል። በነርቭ ክር ውስጥ ታው የተባለውና መሰሎቹ ፕሮቲኖች ቧንቧውን ስለሚያጸኑት፣ መናዱ በአብዛኛው በጫፎቹ አካባቢ ተወስኖ ይቀራል፤ መንገዱም ለተሸካሚዎቹ ይተርፋል።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ሮናልድ ቬይልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በውድስ ሆል፣ በስኩዊድ ነርቭ ላይ ሲመራመሩ ያገኙት ኪኔሲን ነው። ሁለት እግር መሳይ አካላት አሉት፤ በአንዱ ቧንቧውን ይዞ ሌላውን እያሳለፈ፣ ለአንድ እርምጃ ኃይል ያዘለ አንድ ኤ.ቲ.ፒ. እየከፈለ፣ በየጊዜው የአንድ ቱቡሊን ርዝመት፣ ማለት የሚሊሜትር 125,000ኛ እጅ ይራመዳል። እስከ እግር ጣት ለመድረስ እንግዲህ 125 ሚሊዮን እርምጃ ያሻል፤ አንዱ ኪኔሲን ግን መቶ ያህል ተራምዶ ከመንገዱ ይለቃልና፣ ሸክሙ የሚደርሰው ብዙዎች እየተቀባበሉ ሲያጓጉዙት ነው። አቅጣጫውን የሚያስይዘው ቧንቧው ራሱ ነው፤ በዚህ ክር ውስጥ የሁሉም አዳጊ ጫፍ ወደ ጣት ያመለክታልና፣ ኪኔሲንም ወደዚያው ይሄዳል።

የመልሱን ጉዞ፣ ያረጀውን ዕቃና ከጡንቻ የሚላከውን መልእክት ይዞ፣ ዳይኒን የተባለው ሌላው ተሸካሚ ይፈጽመዋል፤ አረማመዱ እንደ ሰካራም ወደ ጎንና ወደ ኋላም የሚያዘነብል ቢሆንም፣ ከሕዋሱ አካል መድረሱ አይቀርም። ይህንኑ የመልስ መንገድ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ይጠቀምበታል፤ በንክሻ ከገባበት ሥጋ ወደ ነርቭ ጫፍ ዘልቆ፣ በዳይኒን ተጭኖ ወደ ሕብለ ሰረሰር ከዚያም ወደ አንጎል ይጓዛል። ስለዚህ ፊቱን የተነከሰ ሰው ብዙውን ጊዜ እግሩን ከተነከሰው ቀድሞ ይታመማል፤ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ እንዲታጠብ፣ ክትባቱም ሳይውል ሳያድር እንዲሰጥ ሐኪሞች የሚያስጠነቅቁትም፣ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ጉዞ ሳይጀምር ለመቅደም ነው።