የእንጀራ ዋጋ የት ላይ ይረጋል?

በአንድ ከተማ 100 እንጀራ ጋጋሪዎች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው በቀን 200 ሲጋግሩ የአንዱ እንጀራ አማካይ ወጪ እጅግ ዝቅ ብሎ 20 ብር ይሆናል፤ የገዛ ድካማቸው ዋጋም እዚህ ውስጥ ተቆጥሯል። መሸጫውም 20 ብር ስለሆነ ወደ ሥራው የሚገባም የሚወጣም የለም።

ፈላጊው በዛና ዋጋው 24 ብር ደረሰ። ነባሮቹ አትራፊ ሆኑ። ይህን ያየ ሁሉ ምጣድ ገዝቶ ይገባል፤ እንጀራ ሲበዛም ዋጋው ይወርዳል። የት ድረስ? ይህን የሚወስነው ጤፉ ነው።

ከተማዋ የምትሸምተው ጤፍ ከአገሩ ገበያ ኢምንት ከሆነ ዋጋው አይነቃነቅም። ስለዚህ መሸጫው 20 ብር እስኪመለስ ድረስ አዲስ ጋጋሪ መግባቱን አያቆምም። ጋጋሪዎቹ 150፣ እንጀራው 30,000 ይሆናል፤ ዋጋው ያው ነው። የረጅም ጊዜ የአቅርቦት መስመሩ አግድም ተዘረጋ ማለት ነው።

ሽሚያው ጤፉን ካስወደደ ግን የሁሉም ወጪ፣ የነባሮቹም ጭምር፣ ከፍ ይላል። የሚወርደው ዋጋና የሚወጣው ወጪ ለምሳሌ 22 ብር ላይ ይገናኛሉ፤ ጋጋሪዎቹም 130 ላይ ይቆማሉ። 20,000 እንጀራ በ20 ብር፣ 26,000 በ22 ብር፦ መስመሩ ሽቅብ ወጣ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፦ በ22 ብር የምትሸጠው ጋጋሪ ከቀድሞው የበለጠ አላተረፈችም፤ ጭማሪው የሄደው ለጤፉ ነው።

ፈላጊ ሲቀንስ ነገሩ ይገለበጣል። የዱቄትና የማገዶዋን የምትሸፍን ጋጋሪ ለጊዜው ትቆያለች፤ ምጣዱ ሲያረጅ ሌላ ሳትገዛ ትወጣለች።