ደብል ክሮሼ የትኛው ነው?

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዳንቴል መመሪያ ይዘን ኪሮሻችንን ከማንሣታችን በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይገባናል፤ ይኸውም መመሪያው የተጻፈው በአሜሪካኖች አጠራር ነው ወይስ በእንግሊዞች? የሁለቱ አገሮች ሠሪዎች በእጃቸው የሚሠሩት ሥራ አንድ ሲሆን፣ ስሙ ግን በአንድ ደረጃ የተዛነፈ ነው። አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን አጭር ስፌት እንግሊዞች ደብል ክሮሼ ይሉታል፤ የአሜሪካኖቹ ደብል ክሮሼ ለእንግሊዞች ትሬብል ነው፤ የአሜሪካኖቹ ትሬብል ደግሞ የእንግሊዞቹ ደብል ትሬብል ነው። ሰንሰለቱ በሁለቱም ዘንድ ሰንሰለት ነው።

ለማስታወስ ያህል እንዲህ ብለን እንያዘው። በአጭሩ ስፌት ኪሮሹ ላይ ሁለት ዐይን ይኖራል፤ ክሩም በሁለቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ይሳባል። የአሜሪካኖቹ ስም ከአሳሳቡ ቍጥር ጋር ስለሚገጥም ሲንግል ይሆናል፤ የእንግሊዞቹ ከዐይኖቹ ቍጥር ጋር ስለሚገጥም ደብል ይሆናል። በሚቀጥለው ስፌት ሦስት ዐይን ይኖራል፤ ክሩም ሁለት ሁለቱን እየያዘ ሁለት ጊዜ ይሳባል። ስለዚህ ለአንዱ ደብል፣ ለሌላው ትሬብል ሆነ።

እንግዲህ መመሪያውን በምን እንለየው? ቀላሉ ምልክት በአንዱ ወገን ብቻ የሚገኝ ስም ነው። ሲንግል ክሮሼ ወይም ሃፍ ደብል ክሮሼ የሚል ካገኘን መመሪያው የአሜሪካኖች ነው፤ ሃፍ ትሬብል የሚል ከሆነ የእንግሊዞች ነው። ነገር ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት በታተሙ አንዳንድ የእንግሊዝ መጻሕፍት ስሊፕ ስቲች ራሱ ሲንግል ክሮሼ ይባል ስለ ነበር፣ በጥንታዊ መጽሐፍ ላይ ይህ ምልክት ብቻውን አይታመንም። የታተመበትን አገር ማየትም ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ፍርድ አይሆንም፤ የአንዱ አገር ንድፍ በሌላው አገር ሊታተም ይችላልና።

አስቸጋሪው ደብል ክሮሼ ብቻ የተጻፈበት መመሪያ ነው። ያን ጊዜ ስሙን ትተን ሰንሰለቱን እንቍጠር። ረድፍ ሲጀመር የሚሠራው ሰንሰለት ከስፌቱ ቁመት ጋር መመጣጠን አለበት፤ ለአጭሩ ስፌት 1፣ ለረዥሙ 3 ሰንሰለት የተለመደ ነው።

ለምሳሌ መመሪያው 20 ሰንሰለት ሠርታችሁ ከኪሮሹ 4ኛው ሰንሰለት ላይ ደብል ክሮሼ ጀምሩ፣ እስከ መጨረሻውም በየሰንሰለቱ ሥሩ፣ በጠቅላላው 18 ይሁን ቢል፣ የተዘለሉት 3 ሰንሰለቶች እንደ አንድ ስፌት ተቈጥረው፣ የቀሩት 17 ሲጨመሩ 18 ይሆናል። ሦስት ሰንሰለት የሚያህል ስፌት ረዥሙ ስለ ሆነ መመሪያው የአሜሪካኖች ነው። በ2ኛው ሰንሰለት ላይ ጀምሩ፣ 19 ይሁን ቢል ኖሮ ግን አጭሩ ስፌት፣ ማለትም የእንግሊዞች አጠራር ይሆን ነበር። የመነሻው ሰንሰለት ባይነገር እንኳ የረድፉ ድምር ራሱ ያሳብቃል። የፊተኛውን መመሪያ በእንግሊዞች አጠራር ያነበበ ሰው ሥራው በጠርዙ ላይ ቀዳዳ ይተውለታል፤ ቁመቱም ከታዘዘው በብዙ ያንሳል። እነዚህን በሁለተኛው ረድፍ ላይ ያየ ሰው ቢያፈርስ የሚያጠፋው ጥቂት ነው፤ የጠረጴዛ ልብስ ከተገባደደ በኋላ ያየው ግን የብዙ ምሽት ድካም ይፈታል።

ስሞቹን በመመሪያው ላይ ስንለውጥ ቅደም ተከተሉን እንጠብቅ። ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ስንለውጥ ከረዥሙ እንጀምራለን፤ መጀመሪያ ትሬብሉን ሁሉ ደብል ትሬብል፣ ቀጥሎ ደብል ክሮሼውን ትሬብል፣ ሃፍ ደብሉን ሃፍ ትሬብል፣ በመጨረሻ ሲንግሉን ደብል ክሮሼ እናደርጋለን። ከታች ብንጀምር ግን አሁን ደብል ክሮሼ ያልነው ሲንግል ከነባሩ ደብል ክሮሼ ጋር ይቀላቀልና ሁለቱም አብረው ትሬብል ይሆናሉ። ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ሲሆን በተቃራኒው ከአጭሩ ተነሥተን ወደ ረዥሙ እንወጣለን። ከሁሉ ይልቅ የሚሻለው ግን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳንሰርዝ አዲሱን ስም በሌላ ቀለም ከጐኑ መጻፍ፣ በመመሪያውም ራስ ላይ የማን አጠራር እንደ ሆነ ማመልከት ነው፤ ከእኛ ተውሶ የሚሠራው ጓደኛ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይለውጠው።