መጠባበቂያና ፕሮቪዥን፦ አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ሂሳቦች

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙት በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ወረዳ እንደ ሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ሁሉ የቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ የገበሬዎች ሁለገብ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ነጋዴዎች ዓመታዊ ሂሳባቸውን የሚዘጉት ሰኔ 30 ቀን ነው። በዚህ ወቅት ጀማሪ የሂሳብ ተማሪዎችንና አዲስ ተቀጣሪ የሂሳብ ሠራተኞችን ከሚያደናግሩ ጉዳዮች አንዱ “መጠባበቂያ” የሚለው ቃል ነው። ከትርፍ ላይ ተቀንሶ የሚቀመጠው ገንዘብ መጠባበቂያ ይባላል። ላይመለስ ይችላል ተብሎ ለተጠረጠረ ብድር በወጪነት የሚያዘውም እንዲሁ መጠባበቂያ ይባላል። የሂሳብ ባለሙያዎች ግን ሁለተኛውን ፕሮቪዥን እያሉ ይለዩታል። በዚህ ጽሑፍም መጠባበቂያ የሚለው ቃል ለመጀመሪያው ብቻ ያገለግላል። ልዩነቱን የሚያብራሩ ጥያቄዎችና መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ የሁለቱ መሠረታዊ ልዩነት ምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ የሚጀምረው ትርፉ ከመታወቁ በፊት ወይም ከታወቀ በኋላ በመያዛቸው ላይ ነው። ፕሮቪዥን ወጪ ነው፤ የዓመቱ ትርፍ ስንት እንደሆነ ከመታወቁ በፊት ይቀነሳል፤ ድርጅቱ አትርፎም ሆነ ከስሮ መያዝ ይኖርበታል። መጠባበቂያ ግን ትርፉ ተጣርቶ ከታወቀ በኋላ ባለቤቶቹ እንዳይከፋፈሉት የሚያስቀሩት ድርሻ ነው። ትርፍ ከሌለ መጠባበቂያ የሚቀነስበት ምንጭ የለም።

በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይም ቦታቸው የተለያየ ነው። መጠባበቂያ ከካፒታል ጋር ተመድቦ የባለቤቶች ገንዘብ ሆኖ ይታያል። ፕሮቪዥን በዕዳ በኩል ይመዘገባል፤ ለአጠራጣሪ ብድር የተያዘ ከሆነ ደግሞ ከተሰብሳቢው ሂሳብ ላይ ተቀንሶ ይታያል። በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ አገላለጽ መሠረት ፕሮቪዥን የሚከፈልበት ጊዜ ወይም መጠኑ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ዕዳ ነው። የብድር ኪሳራ የሚስተናገደው በሌላ ደረጃ ቢሆንም በሥራ ላይ ሁለቱም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ጥያቄ፦ መጠባበቂያ መያዝ በሕግ ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ?

መልስ፦ ሁለቱም ዓይነት አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበራት በየዓመቱ ከተጣራ ትርፋቸው ቢያንስ አንድ ሃያኛውን፣ ተቀናሹ ከካፒታላቸው አንድ አሥረኛ እስኪሞላ ድረስ፣ ለሕጋዊ መጠባበቂያ እንዲያውሉ ያስገድድ ነበር። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በሚመለከት በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲቀነስ ደንግጎ ነበር። እርሱም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተሽሯል። ከሕጉ በተጨማሪ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ በራሱ ውሳኔ ለማስፋፊያ ወይም ለክፉ ቀን የሚሆን ሌላ መጠባበቂያ ሊያቋቁም ይችላል።

ፕሮቪዥን ግን በጉባኤ ድምፅ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። አባላቱ “ዘንድሮ ይቅርብን” ቢሉ ብድሩ ተመላሽ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በአኃዝ ሊብራራ ይችላል?

መልስ፦ በሐይቅ ከተማ የሚሠራ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለምሳሌ ይወሰድ። ማኅበሩ በሰኔ 30 ሂሳቡን ሲዘጋ ለብድር ኪሳራ ምንም ሳይይዝ ገቢው ከወጪው በ900 ሺህ ብር ይበልጣል። በሌላ በኩል ለረጅም ጊዜ ሳይከፈል ከቆየ ብድር ውስጥ 250 ሺህ ብሩ እንደማይመለስ የብድር ኮሚቴው ገምቷል። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲቀነስ ያዛል እንበል።

በትክክለኛው አሠራር መጀመሪያ 250 ሺህ ብሩ በወጪነት ይመዘገባል፤ የተጣራው ትርፍም 650 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 30 በመቶው ማለትም 195 ሺህ ብር ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። ለአባላት ሊከፋፈል የሚችለው ቀሪ 455 ሺህ ብር ነው።

ሁለቱን ሂሳቦች አንድ አድርጎ የተመለከተው ጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ ግን “ለኪሳራው መጠባበቂያው ይበቃዋል” በሚል ፕሮቪዥኑን ይተወዋል። ከ900 ሺህ ብሩ ላይ 30 በመቶውን፣ ማለትም 270 ሺህ ብር፣ ለመጠባበቂያ ቀንሶ 630 ሺህ ብር ለክፍፍል ያቀርባል። መጠባበቂያው ከቀድሞው በመብለጡ አሠራሩ በውጭ ሲታይ ጥንቃቄ የተሞላበት ይመስላል። ይሁንና ማኅበሩ ያላተረፈውን 175 ሺህ ብር ለአባላቱ አከፋፍሏል። በሚቀጥለው ዓመት ብድሩ አለመመለሱ ተረጋግጦ ሲሰረዝና ኪሳራው በዚሁ መጠባበቂያ ሲሸፈን 270 ሺህ ብር ተብሎ የተጻፈው ሂሳብ ወደ 20 ሺህ ብር ይወርዳል። በትክክለኛው መንገድ ቢሠራ ኖሮ ግን 195 ሺህ ብሩ ሳይነካ ይቆይ ነበር። ልዩነቱ እንደገና ያው 175 ሺህ ብር ነው። ገንዘቡም በአባላት እጅ ገብቶ ስለተበላ ማስመለሱ አዳጋች ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፕሮቪዥን ለመያዝ ምን ምን መሟላት አለበት?

መልስ፦ የብድር ኪሳራን ለጊዜው ትተን በዕዳ በኩል የሚመዘገበውን ስንመለከት ሦስት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው። ባለፈ ድርጊት ምክንያት የመጣ ግዴታ ሂሳቡ በሚዘጋበት ቀን መኖር አለበት። ግዴታውን ለመወጣት ገንዘብ መውጣቱ ከአለመውጣቱ ይልቅ የሚገመት መሆን ይኖርበታል። መጠኑም በአስተማማኝ ሁኔታ ሊገመት ይገባል። ለምሳሌ አንድ ማኅበር በግንቦት ወር የተበላሸ እህል ሸጦ በገዢው ቢከሰስና የሕግ ባለሙያው 80 ሺህ ብር ካሣ የመክፈሉ ዕድል እንደሚያመዝን ቢያስረዳ፣ ፍርዱ ያልተሰጠ ቢሆንም ገንዘቡ በዚያው ዓመት በፕሮቪዥን ይያዛል። የመሸነፉ ዕድል አነስተኛ ነው ከተባለ ግን አይመዘገብም፤ እጅግ የራቀ ካልሆነ በስተቀር ጉዳዩ በማብራሪያ ብቻ ይገለጻል።

የመጀመሪያው መስፈርት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የወደፊት አደጋ ምንም ያህል ቢያሰጋ በራሱ ግዴታ አይደለም። ጎተራ ሊቃጠል፣ ዝናብ ሊጠፋ፣ መኪና ሊገለበጥ ይችላል ተብሎ ፕሮቪዥን አይያዝም። ለእንደዚህ ያለው ሥጋት መጠባበቂያ ማቋቋም ወይም መድን መግባት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በጦርነቱ ወቅት የደረሰው ጉዳት ከዚህ አንጻር እንዴት ይታያል?

መልስ፦ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰበት ጊዜ ብዙዎች የ2013 ሂሳባቸውን ገና አላስመረመሩም ነበር። በአካባቢው መጋዘኑ የተዘረፈበት አንድ ማኅበር ቢኖር ጥያቄው ጉዳቱ በየትኛው ዓመት ሂሳብ ይገባል የሚል ይሆናል። ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. መጋዘኑ ቆሞ፣ እህሉም በውስጡ ነበር። ስለዚህ ጉዳቱ የ2014 ኪሳራ ነው። የ2013 ሪፖርት ያልጸደቀ ከሆነ ሁኔታው በማብራሪያ ይገለጻል እንጂ አኃዙ አይለወጥም፤ ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል የማይችል ሆኖ ከተገኘ ግን ሪፖርቱ የተዘጋጀበት መሠረት ራሱ ይለወጣል። በተቃራኒው ከሰኔ በፊት መክፈል አቅቶት የነበረ ተበዳሪ መክሰሩ በመስከረም ወር ቢረጋገጥ ችግሩ በሂሳብ መዝጊያው ቀን የነበረ በመሆኑ የ2013 ፕሮቪዥን ይስተካከላል።

ጉዳዩ ሌላም የተለመደ ስህተት ያሳያል። ከዝርፊያ በኋላ “መጠባበቂያችን የት ደረሰ?” ብሎ ባንክ የሚጠይቅ አባል ቢኖር አይደንቅም። መጠባበቂያ በሂሳብ መዝገብ ላይ የሚታይ የባለቤትነት ድርሻ ነው፤ በሣጥን የተቆለፈ ጥሬ ገንዘብ ላይሆን ይችላል። ገንዘቡ ለብድር ተሰጥቶ፣ እህል ተገዝቶበት ወይም ያው የተዘረፈው መጋዘን ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል። ጥሬ ገንዘብ እንዲኖር ከተፈለገ ጉባኤው በተለየ የባንክ ሂሳብ እንዲቀመጥ መወሰን አለበት። ይህ ደግሞ መጠባበቂያውን ከመመዝገብ የተለየ ሁለተኛ ውሳኔ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮቪዥን አብዝቶ መያዝ ጥንቃቄ አይደለምን?

መልስ፦ አይደለም። በደህና ዓመት ያለ ምክንያት ትልቅ ፕሮቪዥን ይዞ በክፉ ዓመት ወደ ገቢ መመለስ ትርፍን እንደተፈለገ ለማስተካከል የሚያገለግል ስውር መጠባበቂያ ነው። ስውርነቱም የአባላት ጉባኤ ሳያውቀውና ሳይወስንበት ከትርፍ መቀነሱ ነው። ስለዚህ ፕሮቪዥን ከተያዘለት ዓላማ ውጭ አይውልም፤ በየዓመቱ መጨረሻም እንደገና ይመረመራል፤ የማያስፈልግ ሆኖ ሲገኝ ይሰረዛል። ኦዲተሮች ይህን የሚያውቁት የቀደሙትን ዓመታት ግምት በኋላ ከወጣው ትክክለኛ ወጪ ጋር በማነጻጸር ነው። ግምቱ ሁልጊዜ ከወጪው የሚበልጥ ከሆነ፣ በተለይም ተመላሹ ትርፍ ባነሰበት ዓመት ከታየ፣ ጥያቄ ያስነሳል።

በግብር ረገድም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መጠባበቂያ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ አይቀነስም፤ ከትርፍ የሚወጣ እንጂ ወጪ አይደለምና። ፕሮቪዥንም በሂሳብ መግለጫው ወጪ በመሆኑ ብቻ በግብር ሕጉ ተቀባይነት አያገኝም። ስለዚህ የሂሳብ መግለጫው ትርፍና ለግብር የተሰላው ትርፍ ቢለያዩ ሁልጊዜ ስህተት ተፈጽሟል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚታወቀው የመጠባበቂያ በጀትስ?

መልስ፦ ከሁለቱም የተለየ ነው። የመጠባበቂያ በጀት ላልታሰበ ወጪ አስቀድሞ የተፈቀደ የመክፈል ሥልጣን ነው። ከትርፍ የተቀነሰ አይደለም፤ የተመዘገበ ዕዳም አይደለም። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የማኅበርን ሂሳብ ሲመለከት “መጠባበቂያ” የሚለውን ቃል በበጀት ዓይን እንዳያነብ በቅድሚያ የምዝገባ ሰነዱን ማየት ይኖርበታል። በዴቢት በኩል የወጪ ሂሳብ ከተጻፈ ፕሮቪዥን ነው፤ ያልተከፋፈለ ትርፍ ከተጻፈ ግን መጠባበቂያ ነው።