የጠዋት ማጠቃለያ ለአዲስ ተማሪ፦ አንድ ዋና ሥራ፣ ጥቂት መስመር

አዲስ የገቡ ወንድሞችና እህቶች ሥራቸውን ሁሉ በአንድ ረጅም ዝርዝር ሲጽፉ እናያለን። በሁለተኛው ሳምንት ግን ዝርዝሩን መክፈት ያቆማሉ። ከሱብሒ በኋላ በአንድ እይታ የሚነበብ ማጠቃለያ እንዴት እንደሚዘጋጅ እዚህ እናሳያለን።

መጀመሪያ ሥራንና ቀነ ገደብን እንለይ። «ሪፖርት፣ ረቡዕ» የሚለው ቀነ ገደብ ነው፤ ምን እንደምንሠራ አይነግረንም። ሥራ የሚባለው «የሪፖርቱን ስሌት መጨረስ» ዓይነት፣ ዛሬ ተቀምጠን የምንጨርሰው ነገር ነው።

ዋናውን ሥራ ለመምረጥ እስከ ቀነ ገደቡ ካለን የጥናት ሰዓት ላይ ሥራው የሚፈልገውን እንቀንሳለን። የቀረውን መተንፈሻ እንበለው። መተንፈሻው ትንሽ የሆነው ሥራ ዋናው ነው።

ዛሬ ሰኞ ነው እንበል። ዛሬ 4፣ ነገ 3 የጥናት ሰዓት አለን። ነገ ጠዋት የኬሚስትሪ ኩዊዝ አለ፤ 1 ሰዓት ክለሳ ይበቃዋል፤ ስለዚህ መተንፈሻው 4 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 3 ነው። ረቡዕ ጠዋት የሚገባው የፊዚክስ ላብ ሪፖርት ግን 6 ሰዓት ይፈልጋል፤ ያለን 7 ስለሆነ መተንፈሻው 1 ብቻ ነው። ኩዊዙ ቢቀድምም ዋናው ሪፖርቱ ነው። ክለሳው ያንኑ አንድ ሰዓት ስለሚወስድ ሪፖርቱን ለነገ ማሳደር አይቻልም። ማጠቃለያው እንዲህ ይሆናል፦

ዋናው፦ የላብ ሪፖርቱን ስሌት መጨረስ (3 ሰዓት)
ሌላ፦ ለኬሚስትሪ ኩዊዝ መከለስ (1 ሰዓት)
ቀነ ገደብ፦ ኩዊዝ ነገ ጠዋት 4፡00፤ ሪፖርት ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ዓርብ የሚገባው የካልኩለስ መልመጃ እዚህ የለም። እሱ በሙሉው ዝርዝር ላይ ይቆያል፤ ማጠቃለያው ከሦስት ቀን በላይ አያሳይም። ከዋናው ሌላም ከሁለት ሥራ በላይ አንጨምርም።

ሰዓቱን ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር እንጻፍ። በኢንተርኔት የሚገቡ ሥራዎች ላይ «8:00 AM» ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ያነበበ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። «11:59 PM» ደግሞ ከምሽቱ 5፡59 ነው።

ማጠቃለያው መበላሸቱ የሚታወቀው አንድ ሥራ ሦስት ቀን በተከታታይ ሳይሠራ ሲመለስ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሥራው መብዛት ነው። «ምዕራፍ 3ን ማጥናት» የሚለውን «የምዕራፍ 3ን የመጀመሪያ አምስት ጥያቄዎች መሥራት» ብለን እንቆርሰዋለን። ይህ ዘዴ ግን በግምታችን ላይ የቆመ ነው፤ 3 ሰዓት ያልነው 5 ከፈጀ፣ በማግስቱ ጠዋት መተንፈሻውን እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።