ያረጁ ወላጆች በሕመም ጊዜ ድንገት ሲቃዡ አስታማሚው ምን ማስተዋል ይገባዋል?

ትናንት ደኅና ሲጫወቱ የነበሩ ሽማግሌ አባት ወይም ባልቴት እናት ዛሬ ቀኑን ሲስቱ፣ የልጃቸውን ስም ሲለውጡ ወይም የሌለ ነገር ሲያዩ ቢገኙ፣ ብዙ ሰው «ምን ይደረግ፣ ጃጁ» ብሎ ያልፈዋል። ሌላውም ልክፍት ነው ይላል። ነገር ግን መጃጀት በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። በጥቂት ሰዓት ወይም በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ የመጣ መቃዠት ግን የአካል ሕመም ምልክት ነው። መነሻውም ብዙ ጊዜ እንደ ሳንባ ምች ወይም እንደ ሽንት ቧንቧ በሽታ ያለ ሕመም ነው፤ በቆላ አገር ደግሞ ወባ ሊሆን ይችላል።

ቤተ ሰብን ይበልጥ የሚያታልለው የትኩሳቱ ማነስ ነው። ሰው ሲያረጅ አካሉ ሙቀት የማንሣት ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ወጣቱን እስከ 39 ወይም 40 ዲግሪ የሚያደርሰው በሽታ ሽማግሌውን 37.8 ላይ ሊያቆመው ይችላል፤ ጭራሹን የማያተኩሰውም አለ። ግንባርን በእጅ መዳሰስም አይበቃም። የሚሻለው ወላጅ ደኅና ሳሉ ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር ለክቶ ጽፎ ማኖር ነው። በሕመም ጊዜ ከዚያ ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሮ ቢገኝ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ትኩሳት ነው።

ለምሳሌ አንዲት የ76 ዓመት እናት ማክሰኞ ዕለት ሳል ጀመራቸው፤ ምግብም ቀነሱ እንበል። ሐሙስ ማታ ልጃቸውን በሟች እኅታቸው ስም ጠሩ፤ «ከብቶቹ አልገቡም» እያሉም በሩን ሊከፍቱ ተነሡ። ዓርብ ጧት ግን ቡና ጠጥተው ደኅና አወሩ፤ ቤተ ሰቡም «ተሻላቸው» ብሎ ተወው። ከሰዓት በኋላ ዝም ብለው እንቅልፍ አበዙ፤ «እማዬ» ሲሏቸውም ቆይተው ነው የሚመልሱት። ሙቀታቸው 37.9 ሆነ፤ በደኅናው ጊዜ 36.4 ነበር። ልጂቱ ሰዓት ይዛ የደረታቸውን መነሣት ብትቆጥር በአንድ ደቂቃ 28 ጊዜ ተነፈሱ። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ የተገኘባቸው ሳንባ ምች ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ይህ መቃዠት ይመላለሳል፤ ጧት ጥርት ብሎ ማታ ይብሳል። የጧቱ ደኅንነት መዳን አይደለም። ሁለተኛ፣ ከሚጮኸው ይልቅ ዝም ብሎ የሚያንቀላፋው ሕመምተኛ ይረሳል፤ አደጋው ግን አያንስም። ሦስተኛ፣ ትኩሳቱ የደበቀውን አተነፋፈሱ ይገልጠዋል።

አስታማሚው ጧትና ማታ ሙቀቱን፣ የአተነፋፈሱን ቁጥር፣ የጠጡትን ውሃና የሽንቱን መጠን ይጻፍ። አእምሯቸውንም ለመፈተን የሳምንቱን ቀኖች ከእሑድ ወደ ኋላ፣ «እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ» እያሉ እንዲቆጥሩ ይጠይቃቸው። በፊት ይችሉት የነበረውን ዛሬ መሐል ላይ ቢያጡት ለውጥ አለ ማለት ነው።

ለውጡ እንደታየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። እዚያ ሲደርሱ ጥርት ብለው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ አስታማሚው መቃዠቱ መቼ እንደጀመረና ማታ ምን እንዳደረጉ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ይዞ ይሂድ። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስኳራቸው ዝቅ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይለካ። ሲቀሰቅሷቸው የማይነቁ፣ በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍሱ፣ ከንፈራቸው የጠቆረ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ያልሸኑ፣ የሚያንዘፈዝፋቸው ወይም ባንድ ወገን የሰነፉ እንደሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ሊነጋ አይጠበቅም።

እስኪታከሙ ድረስ የእንቅልፍ መድኃኒት አይሰጣቸው፤ መቃዠቱን ያብሰዋል። ከፊተኛ ሕመም የተረፈ ክኒንም አይሰጣቸው። ነቅተው ቀጥ ብለው ሲቀመጡ ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጠጡ፤ እያንቀላፉ ቢጠጡ ወደ ሳንባ ይገባል። መነጽራቸው ይሰጣቸው፤ ማታ ትንሽ መብራት ይብራ፤ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይሁን። በገመድ ማሰርና በክርክር ማስጨነቅ አይገባም። አስታማሚውም ከነካቸው በኋላ፣ አክታቸውን ወይም ሽንታቸውን ሲያጸዳም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

በሽታው ከታከመ በኋላ ትኩሳቱ ቀድሞ ሊለቅ ይችላል፤ አእምሮ ግን ለመመለስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከሐኪም ቤት የተመለሱ ወላጅ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጉ ድረስ ብቻቸውን አይተዉ፤ መድኃኒታቸውንም ሌላ ሰው ቆጥሮ ይስጣቸው።